የገበያው ጠቅላላ ቁጥር ጠፍቶ ቢሲጂ ማትሪክስ እንዴት ይሞላል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ያለ የሳሙናና የዲተርጀንት ፋብሪካ የዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃዬ አራቱን ምርቶቻችንን፣ የልብስ ደረቅ ሳሙናን፣ የዱቄት ሳሙናን፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽንና በረኪናን፣ ቢሲጂ ማትሪክስ ላይ አስቀምጪልኝ አሉኝ። የራሳችንን ሽያጭ አውቃለሁ። የገበያውን ጠቅላላ መጠን ግን ማንም የለውም፣ የተፎካካሪዎቹም አይገኝም። በግምት ልሙላው ወይስ አይሆንም ልበላቸው? እህታችሁ ነኝ፣ እርዱኝ።»

እህቴ፣ አይሆንም ከማለትሽ በፊት አንዱን ሸክም ላውርድልሽ። የገበያው ጠቅላላ መጠን ለዚህ ሥራ አያስፈልግሽም።

ማትሪክሱ አራት ሳጥን ነው፤ ቋሚው የገበያውን ዕድገት፣ አግድሙ ድርሻን ያሳያል። ሁለቱም ከፍ ያለ ኮከብ፣ ድርሻው ብቻ ከፍ ያለ የምትታለብ ላም፣ ዕድገቱ ብቻ ከፍ ያለ የጥያቄ ምልክት፣ ሁለቱም ዝቅ ያለ ውሻ ይባላል። አግድሙ መስመር ታዲያ የሚለካው የገበያ ድርሻን ሳይሆን አንጻራዊ የገበያ ድርሻን ነው። የእናንተ ድርሻ ለትልቁ ተፎካካሪ ድርሻ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ማለት ነው። ድርሻ ደግሞ ሽያጭ ለጠቅላላ ገበያው ሲካፈል ነው። የሁለቱም ድርሻ አካፋይ ያው አንድ ጠቅላላ ገበያ ስለሆነ አንዱን ለሌላው ስታካፍዪ ይጣፋል። የሚቀረው የእናንተ ሽያጭ ለመሪው ሽያጭ ሲካፈል ብቻ ነው። መሪዎቹ እናንተ ከሆናችሁ ለሁለተኛው ታካፍያለሽ። ከ1 በላይ ከመጣ ግራው ዓምድ፣ ከ1 በታች ከመጣ ቀኙ ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ለአራት ምርት የሚጎድልሽ አራት ቁጥር ነው። የሃያ ፋብሪካ ሽያጭ ማሳደድ የለብሽም።

ይሄ የሒሳብ ብልሃት ብቻ እንዳይመስልሽ። የቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ መሥራች ብሩስ ሄንደርሰን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያቀርበው መነሻው ብዙ ያመረተ በልምድ ወጪው እየቀነሰ ይሄዳል የሚለው ነበር። ወጪው የወረደለት ጥሬ ገንዘብ ይተርፈዋል። ስለዚህ 15 በመቶ ድርሻ አለን ማለት ለብቻው ምንም አይናገርም። ትልቁ ተፎካካሪ 10 ከያዘና 60 ከያዘ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ኑሮዎች ናቸው።

አሁን ወደ መሪው ሽያጭ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራት አንድ ስህተት አለች፣ እኔም ሠርቻታለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ምግብ አምራች ማትሪክስ ስሠራ የሽያጭ ኃላፊውን ጠይቄ «እኛና እነሱ እኩል ነን» ያለኝን ጻፍኩ። ሰውየው አልዋሸኝም። የሚዞረው ግን የእኛን ምርት በሚይዙ ሱቆች ነበር። እኛ በሌለንባቸው ሱቆች ተፎካካሪው ምን ያህል እንደሚሸጥ በየት በኩል ይወቅ? (በነገራችን ላይ የሽያጭ ሰው ዒላማውን ሳይመታ ሲቀር ተፎካካሪውን ያገዝፈዋል፣ ቦነስ ሲቃረብ ደግሞ ያሳንሰዋል። ስለዚህ መቼ እንደምትጠይቂውም ልብ በይ።)

በእናንተ የዱቄት ሳሙና ልሥራልሽ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ በራስሽ ተኪያቸው። 40 ሱቅ ትመርጫለሽ። ከደንበኞች ዝርዝር አይደለም፣ ከሰፈር ነው የምትመርጪው። መርካቶ፣ ሳሪስ፣ ጀሞ፣ ኮተቤ፣ አየር ጤና ሄደሽ ከመንገዱ መግቢያ ጀምረሽ በየአምስተኛው ሱቅ ግቢ፣ ምርታችሁ ይኑርም አይኑርም። ጥያቄሽ አንድ ነው፤ ባለፉት 2 ሳምንታት ከዚህኛው ስንት ካርቶን ወጣ፣ ከዚያኛውስ? ኦሞ ስንት ትሸጣለህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። ባለሱቁ ዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ ስለሚል የአምስት ፋብሪካ ሽያጭ ደምሮ ይነግርሻል። ማሸጊያውን በእጅሽ ይዘሽ አሳዪው። ካርቶኑ ስንት ኪሎ እንደሚይዝም ጻፊ፣ የእናንተ 12 ኪሎ የእነሱ 10 ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ግን እኩል ነው ብዬ ልቀጥል።

ውጤቱ እንዲህ መጣ እንበል። ከ40ው የእናንተን የሚይዙት 16 ሱቆች ናቸው፣ በ2 ሳምንት 80 ካርቶን ሸጡ። በእነዚያው 16 ሱቆች መሪው 64 ካርቶን ሸጠ። 80 ለ64 ሲካፈል 1.25፣ መሪዎቹ እኛ ነን ብለሽ ልታጨበጭቢ ነው። ቆይ ግን። መሪው እናንተ በሌላችሁባቸው 20 ሱቆችም አለ፣ እዚያ 120 ካርቶን ሸጧል። በድምሩ 184። 80 ለ184 ሲካፈል 0.43 ነው። ምርቱም ገበያውም አንድ ሆኖ፣ የሱቅ አመራረጥ ብቻ ከግራው ዓምድ ወደ ቀኙ ወረወረው። የደንበኞችሽን ዝርዝር ይዘሽ ብትዞሪ ኖሮ የጥያቄ ምልክቱን ኮከብ ብለሽ ለአለቃሽ ታስረክቢ ነበር።

40 ሱቅ ትንሽ ናሙና ነው፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለውንም አላየም። ስለዚህ ከሱቅ ጋር የማይነካካ ሁለተኛ መንገድ ትፈልጊያለሽ። እኔ የምወደው የማምረት አቅምን ነው። የፋብሪካችሁ የቴክኒክ ሰዎች የመሪው ማሽን ምን ዓይነት እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ያውቃሉ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ የሚደዋወሉ ሰዎች ናቸው። መስመሩ በሰዓት 2 ቶን ያወጣል፣ በ2 ፈረቃ 16 ሰዓት ይሠራል፣ በዓመት 280 ቀን እንበል። ሲባዛ 8,960 ቶን ነው። መብራት ይጠፋል፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ ጥሬ ዕቃ ይዘገያል፣ ስለዚህ ከዚህ ውስጥ በእርግጥ የሚመረተው ከ60 እስከ 75 በመቶው ቢሆን ከ5,376 እስከ 6,720 ቶን ይሆናል። እናንተ 2,600 ቶን ሸጣችኋል እንበል። ሲካፈል ከ0.39 እስከ 0.48 ነው። የሱቁ ቆጠራ የሰጠሽ 0.43 መሀል ላይ ተቀመጠ። በተለያየ መንገድ የመጡ፣ ስህተታቸውም የተለያየ ሁለት ግምቶች ሲገናኙ ልብሽን መጣል ትችያለሽ። ካልተገናኙ አማካይ አታውጪ። የማይገናኙበትን ምክንያት ፈልጊ። አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የማይታይ የሽያጭ መንገድ አለ፣ ለምሳሌ ጨረታ ወይም ለሆቴል በቀጥታ የሚሄድ። ተፎካካሪው ጋ የምትሠራ ጓደኛ ብትኖርሽም ሰነድ አምጪልኝ እንዳትያት፣ እሷንም ራስሽንም ታስበያለሽ።

ቀጥሎ፣ እባክሽ ነጥብ አታስቀምጪ። 0.43 ብለሽ አንዲት ክብ ስታስቀምጪ የማታውቂውን ያወቅሽ አስመሰልሽ ማለት ነው። ከ0.39 እስከ 0.48 አግድም መስመር አስምሪ። ክቧን መሀሉ ላይ አድርጊያት። አግድሙ ሚዛን ደግሞ ሎግ ይሁን። ኤክሴል ላይ የአግድሙን መስመር ቅንብር ከፍተሽ `Logarithmic scale` የሚለውን ምረጪ፣ ትልቁ ድርሻ በልማዱ በግራ ስለሚሆን `Values in reverse order` የሚለውንም ምረጪ። ሎግ የሆነበት ምክንያት ለእኛ ዓይነት ሥራ በጣም ይጠቅማል። ግምታችን የሚሳሳተው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው፤ መሪውን እጥፍ አድርገን ልንገምተው ወይም ግማሽ ልናደርገው እንችላለን። ሎግ ላይ 2 እና 0.5 ከ1 እኩል ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። በተራው ሚዛን ግን ከ1 በታች ያለው ሁሉ ጥግ ላይ ይታጨቅና ልዩነቱ አይታይም።

መስመሮቹን ካሰመርሽ በኋላ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው። የትኛው መስመር 1ን ያቋርጣል? የማያቋርጥ ከሆነ መረጃው ጎደሎ ቢሆንም ሥራው አልቋል። የልብስ ደረቅ ሳሙናችሁ 3,600 ቶን ይሸጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ2,000 እስከ 2,600 ይሸጣል እንበል። ከ1.4 እስከ 1.8 ነው፣ የትኛውም ቢሆን ግራ ነው። እሱን ለማጥራት ሌላ ሁለት ሳምንት ብትዞሪ የጫማሽን ሶል ብቻ ነው የምትጨርሺው። ዱቄቱም እንዲሁ፣ የትኛውም ቢሆን ቀኝ ነው። ፈሳሹ ግን 900 ሺህ ሊትር ሸጣችሁ ተፎካካሪው ከ700 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ቢሆን ከ0.75 እስከ 1.29 ይዘረጋል። 1ን አቋረጠ። ጊዜሽንና በጀትሽን እዚህ ላይ አፍሺው።

በረኪናን ለብቻው ያስቀመጥኩት የቁጥር ችግር ሳይሆን የድንበር ችግር ስላለበት ነው። በረኪና አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ በመኪና ጭኖ መቀሌ ወይም ጅማ ማድረስ ትርፉን ይበላዋል፣ ሲቆይም ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የበረኪናችሁ ገበያ አገሩ ሁሉ አይደለም፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። መሪውንም እዚያው ውስጥ ፈልጊው። ዱቄት ሳሙና ግን እስከ ጠረፍ ይጫናል፣ ገበያው አገር አቀፍ ነው። አንድ ማትሪክስ ላይ ሁለት ዓይነት የገበያ ድንበር መኖሩ ችግር የለውም፣ ከግርጌው ጻፊው ብቻ። እኔ ካየሁት፣ ድንበሩን በስህተት ማስመር ክቧን ከማንኛውም የመረጃ ጉድለት በላይ ያንሸራትታታል፤ ግን ሁሉም ሰው መረጃ የለም ብሎ ያማርራል እንጂ ድንበሬ የት ነው ብሎ አይጠይቅም።

እዚያው በረኪና ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በየሰፈሩ ባገለገለ ጠርሙስና ጄሪካን ያለ ስም የሚሸጥ ስንት አለ? እናንተ 650 ሺህ ሊትር፣ ስም ካላቸው ትልቁ 500 ሺህ ሊትር ሸጣችሁ እንበል። 1.3 ነው፣ መሪ ናችሁ፣ ገበያውም አያድግም፣ ስለዚህ የምትታለብ ላም። ወረቀቱ ላይ ነው ግን። ስም የለሾቹ አንድ ላይ ከሁላችሁም በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ የገበያው መሪ 7 ወይም 8 በመቶ ብቻ በሚይዝበት የተበታተነ ገበያ ውስጥ መሪ መሆን የወጪ ብልጫ አይሰጥም፤ ያ ሰፈር ውስጥ በበርሜል የሚያዋህደው ሰውዬ ኪራይም ቫትም ስለሌለበት ከእናንተ በርካሽ ይሸጣል። ማትሪክሱ የቆመበት ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ቦታው ላይ አስቀምጪያት ግን በተቆራረጠ መስመር ክበቢያት።

ይሄን በምን ታውቂያለሽ? ሙሉ መረጃ ያለሽ አንድ ቦታ አለ፣ የራሳችሁ መዝገብ። ለእያንዳንዱ ምርት ከሽያጩ ላይ የጥሬ ዕቃ፣ የማሸጊያ፣ የማጓጓዣና የማስታወቂያ ወጪውን ቀንሺ፤ ከዚያ በዓመቱ ውስጥ በክምችትና በዱቤ የተያዘው ገንዘብ ምን ያህል እንደጨመረ አይተሽ እሱንም ቀንሺ። የተረፈው ያ ምርት ለቤቱ ያመጣው ጥሬ ገንዘብ ነው። ላም ናት ብለሽ ያስቀመጥሻት ወተት የማትሰጥ ከሆነ ወይ መሪውን አሳንሰሽዋል፣ ወይ ድንበሩን አጥብበሽዋል፣ ወይ ገበያው እንደ በረኪናው የተበታተነ ነው። በተቃራኒው ውሻ ያልሻት ዓመት ከዓመት ገንዘብ የምትተፋ ከሆነም እንደገና እይ። እኔ ይሄን ፍተሻ ሳልሠራ ማትሪክስ ማንም ጋ አላቀርብም።

ቋሚው መስመር፣ የገበያው ዕድገት፣ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው፣ በብር አትለኪው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ምርት ሁሉ ዋጋው ዘሎ የሁሉም ሽያጭ በብር አድጎ ይታያል፤ በብር ከለካሽው አራቱም ምርት ላይኛው ረድፍ ላይ ይሰለፍልሻል። ገበያው በብር 30 በመቶ አድጎ ዋጋው 26 በመቶ ከጨመረ 1.30ን ለ1.26 ስታካፍዪ 1.03 ነው፣ በቶን 3 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የራሳችሁን ዕድገት የገበያው ዕድገት አድርገሽ አትጻፊ። ያ ሌላ ነገር ነው።

የገበያውን ዕድገት ከየት ታመጫለሽ? ጥሬ ዕቃውን ተከተዪ። ጉምሩክ የገቢ ዕቃን በታሪፍ ቁጥር ይመዘግባል። 3401 ሳሙና ነው፣ ከሱ ሥር 3401.20 ላይ ለደረቅ ሳሙና መሥሪያ የሚመጣው ኑድል አለ። 3402 ውስጥ ደግሞ ላብሳ አለ፣ ለዱቄቱም ለፈሳሹም የሚገባው። መጠኑን በኪሎ ውሰጂ፣ የአንድ ዓመት ሳይሆን ቢያንስ የ3 ዓመት፤ ምክንያቱም ምንዛሪ የተገኘበት ዓመት ሁሉም ያከማቻል፣ በሚቀጥለው ዓመት ምንም አይገባም፣ አንዱን ዓመት ብቻ ካየሽ ገበያው አብዷል ትያለሽ። ከ100 ተነስቶ በ3 ዓመት 140 ከደረሰ ዓመታዊው 12 በመቶ ግድም ነው፣ 40ን ለ3 አካፍለሽ 13 አትበዪ። ላብሳ የዱቄቱንና የፈሳሹን ዕድገት አንድ ላይ ስለሚያሳይ የሱቁ ቆጠራ ላይ የትኛው እየተገፋ እንደሆነ ባለሱቆቹን ጠይቀሽ አዘንብዪው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የፋብሪካዎች ጥናትም አለ፣ ግን በዘርፍ የተደመረ ስለሆነ አቅጣጫ ለማየት እንጂ ፋብሪካ ለመለየት አይሆንሽም።

የላይና የታች መለያው መጽሐፍ ላይ 10 በመቶ ነው። ከሰማይ የወረደ አይደለም። የእናንተ አራት ገበያዎች በመጠን ወደ 3፣ 11፣ 15 እና 3 በመቶ የሚያድጉ ከሆነ አማካዩ 8 ነው፣ መለያውን 8 ላይ አስምሪና ለምን እንደሆነ ከሥሩ ጻፊ። አለቃሽ 10 ይሁን ካሉም ይሁንላቸው፣ በዚህ ምሳሌ ማንም ረድፍ አይቀይርም። የዕድገቱም ግምት ርቀት ስላለው እንደ አግድሙ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ታች አስምሪለት።

ደረቅ ሳሙናው እንግዲህ ላም ነው፣ አያጠራጥርም። ዱቄቱ የጥያቄ ምልክት ነው። በረኪናው ላም መሳይ ነው፣ በተቆራረጠ መስመር ክበቢው። ፈሳሹ ኮከብ ወይም የጥያቄ ምልክት ነው። ለአለቃሽም እንዲሁ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ሦስቱ ታውቀዋል፣ አራተኛው ሁለት ሳምንት ይፈልጋል በይ። ፈሳሹን በአንዱ ሳጥን ብትወሽቂው ውሳኔው ይለያያል። ኮከብ ከሆነ መሪነቱን ለመጠበቅ ገንዘብ ይፈስበታል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ከዱቄቱ ጋር ለአንድ ብር ይሻማል፣ ሁለቱንም ለመግፋት ደግሞ ደረቅ ሳሙናው የሚያመጣው ገንዘብ ላይበቃ ይችላል።

የፈሳሹ ግምት እንዲህ የሰፋው ሱቅ ስለማያሳየው ነው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ካፌው ከሱቅ አይገዛም፣ በጄሪካን በቀጥታ ነው የሚያስመጣው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ሱቅ ላይ አታባክኚው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሂጂ፣ ትልቁንም ትንሹንም ቀላቅዪ፣ የግዢ ሠራተኛውን በወር ከየትኛው ስንት ጄሪካን እንደሚያስገቡ ጠይቂ። ከዚያ የራሳችሁን የሽያጭ መዝገብ አይተሽ ከፈሳሹ ስንት እጁ በሱቅ፣ ስንት እጁ በቀጥታ እንደሚወጣ ለዪ፣ የየመንገዱን ቁጥር ለየብቻ ያዢ። መጀመሪያ ግን ሁሉንም ወደ ሊትር ቀይሪ። የአንዱ ጄሪካን 5 ሊትር ሲሆን የሌላው 20 ሊሆን ይችላል። የወጥ ቤት ሠራተኛው ደግሞ ማቅጠኛ ውሃ እንደሚጨምርበት ይነግርሻል፣ እሱን ግን ከግዢው ላይ አትደምሪው።